እስከ በረካ የሚዘልቅ መሪ ቃል

አገራችን ለውጭ ጎብኚዎች ራሷን ያስተዋወቀችበት በጣም የታወቀው መሪ ቃል የተወለደው በእንግሊዝኛ ነው። የኢትዮጵያ ቱሪዝም አባት የሚባሉት ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ በፈረንጆቹ 1960ዎቹ ያወጡት ያ ቃል እንዳለ ቢገለበጥ «የ13 ወር ፀሐይ» ይሆን ነበር። ጥር ላይ ከደጁ በረዶ የሚጠርግ ሰው ይህን ሲያነብ ሁለት ነገር ይይዘዋል። አንዱ የናፈቀው ፀሐይ ነው። ሌላው ቁጥሩ ነው። ዓመት አሥራ ሁለት ወር መሆኑን ስለሚያውቅ «እንዴት አሥራ ሦስት?» ብሎ ይጠይቃል። የጠየቀ ሰው ጳጉሜንን ይማራል፣ ጠይቆ የተማረውን ደግሞ ቶሎ አይረሳም።

ወደ አማርኛ ሲመጣ ግን ፀሐይዋ ቀረች። እኛ የምናውቀው «የ13 ወር ጸጋ» የሚለውን ነው። ይህን ለውጥ ያደረገው ሰው ሥራውን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር ብዬ አምናለሁ። ሐምሌ ላይ ዘር ዘርቶ ሰማይ ሰማዩን ለሚያይ ገበሬ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ ማለት ዝናብ ቀረ ማለት ነው። ለአንዱ የእረፍት ተስፋ የሆነው ቃል ለሌላው የድርቅ ወሬ ይሆናል። «ጸጋ» የሚለው ቃል ፀሐይን አይተረጉምም፤ እንግሊዝኛው በአንባቢው ልብ ውስጥ ያሳደረውን ደስታ ግን ይተረጉማል።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2016 ይህ መሪ ቃል በሌላ ተተካ። አዲሱ በእንግሊዝኛ የመነሻዎች ምድር እንደ ማለት ሲሆን፣ ሉሲን፣ ቡናንና ዓባይን በአንድ ጊዜ ይጠራል። አማርኛው «ምድረ ቀደምት» ሆነ። ግርማ አለው፣ የግእዝ ጠረንም አለው። ይሁንና «ምድረ» የሚለው ቃል በዛሬው የመንገድ አማርኛ ሌላ ሥራ ይዟል። ሰው ሲቆጣ «ምድረ ሌባ!»፣ «ምድረ ዱርዬ!» ይላል። መጽሐፍ እያነበበ ያደገ ሰው «ምድረ» ሲባል ምድረ ግብጽና ምድረ ከነዓን ይመጡበታል። ታክሲ ተራ ላይ ያደገው ልጅ ግን ቀድሞ የሚሰማው ስድቡን ነው። ሁለቱም አፍ የፈቱት በአማርኛ ነው።

ሁለተኛ ስሜት መኖሩ ብቻውን መሪ ቃልን አያስጥልም። ሳይታወቅ ከታተመ በኋላ መገኘቱ ግን ገንዘብም ስምም ያስከፍላል። ስለዚህ ጥቂት መሪ ቃሎች ተመርጠው ጠረጴዛ ላይ ሲቀርቡ ዳኛው ምን መጠየቅ እንዳለበት፣ ከማንስ ዘንድ ሄዶ መጠየቅ እንዳለበት በአንድ ምሳሌ ላሳይ።

ስለ ስያሜው አንድ ነገር ልበል። የማስታወቂያ ሰዎች «ስሎጋን» ይሉታል። «መፈክር» የሚለው ቃል ፎከረ ከሚለው የወጣ ነውና ለብዙዎቻችን ሰልፍና የተጨበጠ እጅ ያስታውሰናል፤ ቡና ለሚሸጥ ሰው ይከብዳል። በዚህ ጽሑፍ «መሪ ቃል» እላለሁ።

እንግዲህ ቡና ቆልቶ፣ ፈጭቶና አሽጎ የሚሸጥ አንድ ድርጅት እናስብ። አሁን ለአዲስ አበባ፣ ለመቀሌና ለጅማ ሱቆች ያቀርባል። ቀጥሎ በሪያድና በጅዳ፣ በዋሽንግተን ዙሪያና በእስራኤል ላሉ የሐበሻ ሱቆች ሊልክ አስቧል። ከብዙ ሐሳብ ተጣርተው አምስት መሪ ቃሎች ቀርተዋል። የመጀመሪያው «ከልብ የተቆላ» ነው። ሁለተኛው «የጠዋት ወዳጅ»፣ ሦስተኛው «ከአቦል እስከ በረካ»፣ አራተኛው አንድ ቃል ብቻ፣ «ይጠጣል!»፣ አምስተኛው ደግሞ «ቅመሱት፣ ትመለሳላችሁ» የሚል ነው።

በስብሰባው ክፍል ውስጥ ድምፅ ቢሰጥ የሚያሸንፈው የመጀመሪያው ነው ብዬ እገምታለሁ። አጭር ነው፣ ሞቅ ያለ ነው፣ ማንንም አያስቀይምም። ይመስላል።

ማን አስታወሰው?

አንድ መሪ ቃል በቀላሉ ይታወሳል ወይስ አይታወስም የሚለውን ሊፈርዱ የማይችሉት ያወጡት ሰዎች ናቸው። ሦስት ሳምንት ሲያመላልሱት ስለከረሙ ለእነሱ ሁሉም አፍ ላይ ያለ ይመስላቸዋል። «የትኛውን ወደዳችሁት?» ብሎ ሌላ ሰው መጠየቅም አይበጅም። መውደድና ማስታወስ ይለያያሉ፤ ሰው የወደደውን ዓረፍተ ነገር ማታውኑ ሊረሳው ይችላል።

የሚሠራው መንገድ ቀላል ነው። ከድርጅቱ ጋር ግንኙነት የሌላቸው፣ ቡና ገዝተው ቤታቸው የሚያፈሉ ሃያ ያህል ሰዎች ይፈለጋሉ። አምስቱ መሪ ቃሎች አንድ ጊዜ፣ ቢበዛ ሁለት ጊዜ፣ በድምፅ ይነበቡላቸዋል። ከዚያ ስለ ሌላ ነገር ተወርቶ ይለያያሉ። በማግሥቱ ይደወልና «ትናንት ያነበብኩልዎትን የሚያስታውሱትን ያህል ይንገሩኝ» ይባላሉ። ምንም ፍንጭ አይሰጣቸውም። ጠያቂው የሚጽፈው የተባለውን ከነስህተቱ ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። ሰው ከተነበበለት ዝርዝር ውስጥ መጀመሪያና መጨረሻ ያለውን ከመሐለኛው አብልጦ ያስታውሳል። ለሃያውም ሰው በአንድ ቅደም ተከተል ከተነበበ የተፈተነው የቃሉ ብርታት ሳይሆን ቦታው ነው። ስለዚህ ለአንዱ ሦስተኛው መጀመሪያ ይነበባል፣ ለሌላው አምስተኛው፤ እንዲህ እየተዟዟረ ይሄዳል።

ሃያ ሰው ለመቶኛ ስሌት አይበቃም፤ የሚፈለገውም መቶኛ አይደለም። የሚፈለገው ስህተቱ ነው። ብዙ ሰዎች አንድን መሪ ቃል በአንድ ዓይነት መንገድ ካበላሹት፣ የሰው አፍ ራሱ እያረመው ነው ማለት ነው። የታረመው ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ይሻላል። ለምሳሌ ሰው «ከአቦል» ብሎ አይናገርም፤ «ካቦል» ይላል። እንዲያ ሲባል ደግሞ መሪ ቃሉ ወረቀት ላይ ያልታየ ውበት ያወጣል። «ካቦል እስከ በረካ» በ«ካ» ይጀምራል፣ በ«ካ» ያልቃል፣ መሐል ላይ «ከ» ይረግጣል፣ በሁለቱም ወገን ያለው የ«በ» ድምፅ ይመላለሳል። ብዙው ተረትና ምሳሌያችን እንዲህ ለሁለት ተከፍሎ የሚመታ ስለሆነ ጆሯችን ለዚህ ምት የተዘጋጀ ነው። የቃሉ ቅደም ተከተልም ራሱን ያስታውሳል፤ አቦል ያለ ሰው በረካ ሳይል አያቆምም።

ለዚህ ፈተና አንድ ጥያቄ ይጨመርለታል፤ «የምን መሪ ቃል ነበር?» የሚል። «የጠዋት ወዳጅ» እዚህ ይወድቃል። ቃሉን ያስታወሰ ሰው እንኳ የሻይ፣ የዳቦ፣ የሬዲዮ ፕሮግራም ሊለው ይችላል። ለሁሉም የሚሆን ቃል የማንም አይሆንም፤ ያውም ለማስታወቂያው ገንዘብ የከፈለው አንድ ድርጅት ሆኖ ሳለ። በዚያ ላይ ትርጉሙም ቡናውን ከሰዓት በኋላ ከቤት ያስወጣዋል። በአገራችን ደግሞ ቡና ከምሳ በኋላም ይፈላል፣ ማታም እንግዳ ሲመጣ ይፈላል። «የጠዋት ወዳጅ»ን ከዚህ በኋላ አላነሣውም።

ምን ቃል ገባ?

መሪ ቃል ለገዢው የሚገባ ቃል ነው። ስለዚህ ትርጉሙ የሚመዘነው «ይህን ያነበበ ሰው ከቡናው ምን ይጠብቃል? ቤቱ ገብቶስ ሊያረጋግጠው ይችላል?» በሚል ነው።

«ከልብ የተቆላ» ሲመዘን ቀላል ሆኖ ይገኛል። ከልብ መቆላቱን በምን እናውቃለን? የሚያቆስል ነገር የለውም፣ የሚጨበጥም የለውም። አማርኛው ራሱ ትንሽ ያሰናክላል። «ከወርቅ የተሠራ» ስንል ወርቁ ጥሬ ዕቃው ነው። «ከልብ የተቆላ»ም በዚያው መንገድ ቢሰማ፣ ምጣዱ ላይ ያለው ቡናው ሳይሆን ልቡ ይሆናል። ብዙ ሰው እንዲህ አይሰማውም፤ ቅኔ የለመደ ጆሮ ግን ይሰማዋል። በሰምና ወርቅ ባደገ ቋንቋ ሁለተኛውን ትርጉም መፈለግ ልማድ ነውና ዳኛው ይህን ጆሮ መናቅ የለበትም።

«ይጠጣል!» ደፋር ነው። ሰው ቡናውን ቀምሶ ራሱን እየነቀነቀ «ይጠጣል!» ሲል የሚሰማውን እርካታ ይዟል። ግን ይኸው ቃል በቀዝቃዛ ድምፅ ከተነገረ «አይጣልም፣ ምን ይደረግ» ማለት ይሆናል። ይህም ብቻ አይደለም። የአማርኛ ፊደል የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ ለይቶ አይጽፍም። ገና የሚለው ጽሑፍ በዓሉም ነው፣ «ገና ነው» የምንለውም ነው። ዋና የሚለው ውሃ ውስጥ የሚደረገውም ነው፣ ዋነኛም ነው። ሰፊ የሚለው ልብስ የሚሰፋውም ነው፣ ጠባብ ያልሆነውም ነው። «ይጠጣል»ም እንዲሁ ነው። የመጀመሪያው «ጠ» ሲጠብቅ ነገሩ የሚጠጣ መሆኑን ይናገራል። ሲላላ «እሱ ይጠጣል» ይሆናል። ስለ አንድ ሰው «ይጠጣል» ስንል ደግሞ ስለ ቡና አናወራም፤ ስለ መጠጥ ነው።

ስለዚህ ይህ መሪ ቃል በሬዲዮ ጤነኛ ነው፣ በሰሌዳ ላይ ግን ሁለት አፍ አለው። በተለይ የአንድ ጎልማሳ ፎቶ ከጎኑ ከተቀመጠ ንባቡ ወደ ሰውየው ይሄዳል። ይህ ብልሽት የሚገኝበት መንገድ ቀላል ነው፤ ለሃያዎቹ ሰዎች ግማሾቹ በድምፅ ሳይሆን በጽሑፍ ይስጧቸውና ጮክ ብለው እንዲያነቡት ይጠየቁ። አንድ ሰው እንኳ አላልቶ ካነበበው ጉዳዩ ተረጋግጧል።

«ከአቦል እስከ በረካ» ግን የሚጨበጥ ነገር ይዟል። ቡና ሦስት ጊዜ ይፈላል። አቦል ወፍራሙ ነው፣ ቶና ይቀጥላል፣ በረካ መጨረሻው ነው። ዱቄቱ ያው ሆኖ ውሃ እየተጨመረ ስለሚፈላ በረካ ላይ መቅጠኑ የታወቀ ነው። እንግዲህ መሪ ቃሉ «የእኛ ቡና ሦስተኛው ስኒ ላይም ቡና ነው» እያለ ነው። ማንኛዋም ቡና አፍልታ የምታቀርብ እናት ይህን በአንድ ከሰዓት ታረጋግጠዋለች። ጠንካራ ቃል ነው፣ ስለዚህም አደገኛ ነው። በረካው ውሃ ውሃ ካለ፣ ገዢው የሚወቅስበትን ቃል ያስያዘው ድርጅቱ ራሱ ነው።

ወሰንም አለው። በማሽን ቡና ለሚያፈላ ካፌ አቦልም በረካም የለም። ድርጅቱ ለካፌዎችም የሚሸጥ ከሆነ ይህ ቃል እዚያ ባዶውን ይቆማል። የቤት ጀበና ላይ ከተወሰነ ግን ከአምስቱ ውስጥ የሚስተካከለው የለም።

ያልታሰበው ንባብ

ወደ ሌላ ቋንቋ ሲኬድ የተለመደው ጥንቃቄ የመልስ ትርጉም ነው። አንድ ተርጓሚ መሪ ቃሉን ለምሳሌ ወደ ትግርኛ ይመልሰዋል። ዋናውን ያላየ ሁለተኛ ተርጓሚ ትግርኛውን ወደ አማርኛ ይመልሳል። ሁለቱ አማርኛዎች ይነጻጸራሉ። ይህ ጥሩ ልማድ ነው፣ ግን የሚይዘው ግልጽ የትርጉም ስህተትን ብቻ ነው። ድምፅን አይይዝም፣ ትዝታንም አይይዝም።

«ከልብ የተቆላ»ን በዚህ መንገድ ፈትኑት። ትግርኛው «ካብ ልቢ» ብሎ ይጀምራል፤ ተመልሶ ሲመጣ ከልብ ይሆናል። አረብኛውም ስለ ልብ ያወራል፣ ዕብራይስጡም እንዲሁ። ፈተናውን በሙሉ ነጥብ ያልፋል። ነገር ግን ማሸጊያ ላይ የሚታተመው ትርጉሙ ብቻ አይደለም። አማርኛው ራሱ በትልቁ ይጻፋል፣ ለውጭ ገበያም በላቲን ፊደል ድምፁ እንዳለ ይገለበጣል። መቀሌ ያለ ሰው ያንን ሲያነብ «ከልቢ» ቋንቋው ውስጥ አለ፤ ውሻ ማለት ነው። ጅዳ ያለ አረብ «ከልብ» ሲሰማ ውሻ ይሰማል። ኢየሩሳሌም ያለው ሰው ውሻን «ከሌቭ» ይለዋል። ወደ ሩቅ መሄድም አያስፈልግም፤ በራሳችን ግእዝ «ከልብ» ውሻ ነው። «ውሻ የተቆላ» ቡና ይዘን ሦስት ገበያ ልንገባ ነበር።

ይህ ለምን በስብሰባው ክፍል ውስጥ እንዳልታየ ግልጽ ነው። አማርኛ ተናጋሪ «ከልብ» ሲል ሁለት ነገር ይሰማል፤ «ከ»ን እና «ልብ»ን። ሌላው ግን ከፍሎ አይሰማውም፤ አንድ ቃል አድርጎ ይሰማዋል። ስለዚህ ሁለት ፈተና ያስፈልጋል። አንዱ መሪ ቃሉ ሲተረጎም ምን ይላል የሚል ነው። ሁለተኛው ሳይተረጎም፣ እንዳለ በድምፁ ብቻ፣ ለዚያ ቋንቋ ተናጋሪ ምን ይላል የሚል ነው። ሁለተኛውን የሚጠይቁት ጥቂቶች ናቸው። ጥያቄውም «ትርጉሙ ትክክል ነው?» አይደለም። «ይህን ድምፅ ስትሰማ መጀመሪያ ምን መጣብህ?» ነው።

ለማዳን የሚሞክር ሰው ይኖራል። በአረብኛ ልብ «ቀልብ» ነውና፣ አማርኛችንም «ቀልቤን ሳበው» የምንልበት ቀልብ ስላለው፣ አንድ ፊደል ለውጠን «በቀልብ የተቆላ» ብንልስ? ብልህ ሐሳብ ነው፤ እኔ ግን አልቀበለውም። «በቀልብ ሠራው» ብሎ የሚናገር ሰው ሰምቼ አላውቅም። ያልተነገረ አማርኛ ደግሞ ማንም አያስታውሰውም።

አሁን በተቃራኒው «ከአቦል እስከ በረካ»ን ወደዚያው ገበያ ውሰዱት። ትግርኛ ተናጋሪ የመጀመሪያውን ቡና «አወል» ይለዋል፣ በረካንም ያውቃል። አረብኛ ተናጋሪ ዘንድ «አወል» አንደኛ ነው፣ «በረካ» በረከት ነው። ዕብራይስጡም ለበረከት የሚቀራረብ ቃል አለው፣ «ብራኻ»። በአንድ ዓይነት መንገድ፣ በድምፁ ብቻ ተሰምቶ፣ የመጀመሪያው መሪ ቃል ውሻ ይዞ ሲመጣ ሦስተኛው በረከት ይዞ ይመጣል። ዋሽንግተን ላይ ግን ይደክማል። በእንግሊዝኛ «ከመጀመሪያው ስኒ እስከ ሦስተኛው» ሲባል ሥነ ሥርዓቱን ለማያውቅ ሰው ምንም አይነግረውም። እዚያ አማርኛውን እንዳለ ማስቀመጥና ከሥሩ በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ሦስቱን ስኒዎች ማስረዳት ይሻላል። አሥራ ሦስተኛው ወር ያደረገውን ነው የሚያደርገው፤ ጥያቄ ያስነሣል።

«ቅመሱት፣ ትመለሳላችሁ» ሌላ ዓይነት አደጋ ያሳየናል፤ ቋንቋው አንድ ሆኖ ኑሮው ሲለያይ። አዲስ አበባ ላይ ችግር የለበትም። ሪያድ ያለች ኢትዮጵያዊት የቤት ሠራተኛ ግን «ትመለሳላችሁ» የሚለውን ቃል በምን እንደምታውቀው አስቡ። በ2006 ዓ.ም. በጀመረው ዘመቻ ከሳዑዲ አረቢያ ከመቶ ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን በወራት ውስጥ ወደ አገር ተመልሰዋል፤ ከዚያም በኋላ አልቆመም። «ተመላሽ» የሚለው ቃል ለእነዚህ ቤተሰቦች ማቆያ ጣቢያ፣ ሻንጣ የሌለበት ጉዞ፣ ያልተከፈለ ደመወዝ ነው። ይህን መሪ ቃል ጅዳ ውስጥ የሐበሻ ሱቅ መስኮት ላይ መለጠፍ ጨካኝ ስህተት ይሆናል። የትኛውም ተርጓሚ አይነግራችሁም፤ የሚተረጎም ነገር የለምና። የሚነግራችሁ እዚያ የኖረ ሰው ብቻ ነው።

ትእዛዝን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። እንግሊዝኛ «ቅመስ»ን፣ «ቅመሺ»ን እና «ቅመሱ»ን በአንድ ቃል ይላል። የናይኪ ኩባንያ ከ1988 ጀምሮ የተጠቀመበት ዝነኛ ሦስት ቃል በአማርኛ «ዝም ብለህ አድርገው» ይሆናል። ወዲያው ሴቷ ወጣች፣ ታላቅ ሰው «አንተ» ተባለ፣ በዚያ ላይ «ዝም በል» ገባበት። እንዲህ ያለውን መሪ ቃል መተርጎም አይቻልም፤ በአማርኛ እንደ አዲስ መጻፍ ነው የሚቻለው።

እንደ አዲስ መጻፍ ሽንፈት አይደለም፤ አንዳንዴ ትርፍ አለው። ጅማ ላለው ገዢ አቦልና በረካን በግድ ወደ ኦሮምኛ ከመመለስ ይልቅ ቋንቋው ራሱ ያዘጋጀውን መውሰድ ይሻላል። በኦሮምኛ «ዹጋ» እውነት ማለት ነው። ለብዙ ሰው «ጠጡ» ሲባልም «ዹጋ» ነው፣ በቁቤም አጻጻፉ አንድ ነው። ስለዚህ «ቡነ ዹጋ» እውነተኛ ቡና ማለትም ይሆናል፣ ቡና ጠጡ ማለትም ይሆናል። ይህ ሁለት ትርጉም ሁለቱም ለሻጩ የሚያገለግል ነው። አማርኛ ውስጥ ሊገኝ አይችልም። እርግጥ ከወለጋም፣ ከሐረርጌም፣ ከጉጂም ሰው ጠርቶ ሁለቱም ትርጉም እኩል መሰማቱን ማረጋገጥ ግድ ነው፤ አንድ ቋንቋ በየአካባቢው ይለያያልና።

ያልታሰበ ንባብ ሁሉ ግን ገዳይ አይደለም። ሼቭሮሌት ኖቫ የተባለችው መኪና በስፓኒሽ «አትሄድም» ተብላ ስለተነበበች ሳትሸጥ ቀረች የሚል ታሪክ በየንግድ ትምህርት ቤቱ ይነገራል። እውነት አይደለም። መኪናዋ በሜክሲኮም በቬነዝዌላም ተሽጣለች። በስፓኒሽ «ኖቫ» ሲባል ክብደቱ መጀመሪያ ላይ ነው፣ «አትሄድም» ሲባል መጨረሻ ላይ። የሜክሲኮ የመንግሥት ነዳጅ ድርጅትም ኖቫ የሚባል ቤንዚን ይሸጥ ነበር። ዳኛው እንግዲህ ሦስት ነገር ያመዛዝናል፤ ንባቡ ለማን ይመጣል፣ ሳይፈልገው ይመጣበታል ወይስ ሲያስብ ብቻ፣ ሲመጣስ ያስቃል ወይስ ያቆስላል።

በዚህ ሚዛን «ይጠጣል!» ለሬዲዮ ይተርፋል፤ ሰሌዳ ላይ አይወጣም። «ቅመሱት፣ ትመለሳላችሁ» የሚመጣው ሳይፈለግ ነው፣ የሚመጣውም በጣም ለሚጎዳ ሰው ነው፤ ይጣላል። «ከልብ የተቆላ» ከአማርኛ ተናጋሪ ወጥቶ የማይሄድ ቡና ቢሆን ኖሮ ይቆይ ነበር። ይህ ቡና ግን መቀሌም ጅዳም ይሄዳል፤ ስለዚህ እሱም ይጣላል።

የምፈርደው ለ«ከአቦል እስከ በረካ» ነው፤ ጅማ ላይ «ቡነ ዹጋ» ይተካዋል። ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት ግን ድርጅቱ የሚሸጠውን ያንኑ ዱቄት ወስዶ በአንድ ጀበና ሦስት ጊዜ ያፍላ፣ ሦስተኛውን ስኒ ለማያውቁት ሰዎች ያቅርብ። በረካው ውሃ ከሆነ መሪ ቃሉ ይቅር።